የፋሲል ግንብ በስልክ ስክሪን ላይ፦ በጀቱ ከመጀመሪያው ድንጋይ በፊት ይታወቅ

በሞባይል ስልክ ለሚሠራ ጌም የሚዘጋጅ ሕንፃ ቀርቶ ለፎቶ የሚዘጋጅ የሦስት አውታር ሞዴል ቢሆን ኖሮ ስለ ሦስት ማዕዘን ቁጥር መጨነቅ ባላስፈለገ ነበር። ለፎቶ የሚሠራ ሞዴል አንድ ጊዜ ይሳላል፤ ኮምፒውተሩ አንድ ሰዓት ቢፈጅበትም የሚቀየመው የለም። ጌም ግን በሴኮንድ ቢያንስ 30 ጊዜ ሥዕሉን እንደ አዲስ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ 33 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ የተጫዋቹ እንቅስቃሴ፣ ድምፁና የጌሙ ሕግ የየራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ለሕንፃው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን ጥቂት ጊዜ አስቀድሞ ሳይለኩ መሥራት የጀመሩ ሰዎች ሥራቸውን የሚጨርሱት አብዛኛውን ጊዜ የሠሩትን በማፍረስ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥና በውጭ አገር ያሉ ወጣት የጌም ሠሪዎች የአገራቸውን ቅርሶች ወደ ጌም ለማስገባት ሲነሡ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚያስቡት ስካን ማድረግን ነው። ስካን የራሱ ትልቅ ቦታ አለው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት በአፍሪካ ልዩ ልዩ ቅርሶችን፣ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጨምሮ፣ በሌዘር እየለካ መዝግቧል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ለጥገናና ለምርምር መተኪያ የለውም። ነገር ግን ስካን መዝገብ ነው፤ ለጌም የተዘጋጀ ሕንፃ አይደለም። በፎቶ ወይም በሌዘር የተወሰደ ቅርጽ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሦስት ማዕዘኖች ይኖሩታል፤ ከዚህም የከፋው፣ ማሽኑ ሦስት ማዕዘኖቹን የሚያሰራጨው ሁሉንም ገጽ እኩል አድርጎ ነው። ለጠፍጣፋው ግድግዳም ለጉልላቱም አንድ ዓይነት ጥግግት ይሰጣል። ለጌም የሚሠራ ሰው ሥራው ግን ማበላለጥ ነው፤ ለየትኛው ክፍል ብዙ፣ ለየትኛው ጥቂት፣ ለየትኛው ምንም እንደማይሰጥ መወሰን።

ጉዳዩን በአንድ ሕንፃ ላይ ማየት ይሻላል። ጎንደር በ1636 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቆጣጠር በዐፄ ፋሲለደስ ከተቆረቆረች በኋላ የታነጸው የንጉሡ ግንብ ለዚህ ምቹ ነው። ቅርጹ ባለ አራት ማዕዘን ሲሆን በአራቱም ማዕዘን ክብ ማማ አለው፤ በየማማው ጫፍ ትንሽ ጉልላት ተደፍቷል። ከጣሪያው በላይ አንድ ባለ አራት ማዕዘን ማማ ከፍ ብሎ ይታያል። የጣሪያው ጠርዝ ዙሪያውን ጥርስ አውጥቷል። ግድግዳው ካልተጠረበ ቡናማ ባዛልት የተሠራ ሲሆን የበሮቹና የመስኮቶቹ ቅስቶች በቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተከብበዋል። የእንጨት ሰገነትና ከውጭ የሚወጣ ደረጃም አለው። ጎንደርን ያየ ሰው ግንቡን ምሽት ላይ፣ ብርሃን ሲደክም፣ ጥቁር ቅርጹን ብቻ አይቶ ያውቀዋል። የሚያስታውቁት ጉልላቶቹ፣ ጥርሶቹና ከፍ ያለው ማማ ናቸው። በጌም ቋንቋ እነዚህ የዳር መስመሩ ናቸው፤ በጀቱም ከሁሉ በፊት የሚውለው ለእነርሱ ነው።

በጀቱ ከየት ይመጣል? ከሕንፃው አይመጣም፤ ከትዕይንቱ ነው። ጌም ሠሪው በመካከለኛ ዋጋ ስልክ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታየው ሁሉ ከ100,000 ሦስት ማዕዘን እንዳይበልጥ ወሰነ እንበል። ይህ ቁጥር የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ጌሙ በሚሮጥበት ስልክ ላይ ተሞክሮ የሚወሰን ነው፤ ለአዲስና ውድ ስልክ ከዚህ እጅግ ሊልቅ ይችላል። ከዚህ ውስጥ 30,000 ለሰዎችና ለፈረሶች፣ 35,000 ለመሬትና ለዛፎች፣ 10,000 ለልዩ ልዩ ነገር ቢመደብ ለሕንፃዎች ሁሉ የሚቀረው 25,000 ነው። ከፋሲል ግንብ ፊት ለፊት የቆመ ተጫዋች ግን የሚያየው ግንቡን ብቻ አይደለም። የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ ቅጥሩና በሮቹ ከኋላና ከጎን ይታያሉ። ስለዚህ ለፋሲል ግንብ በቅርብ ሲታይ 5,000 መስጠት ምክንያታዊ ነው፤ ቀሪው 20,000 ለሌሎቹ ነው። ሞዴሉን የሚሠራው ሰው ይህን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ከፊቱ ሳይለጥፍ ብሌንደርን መክፈት አይገባውም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግራ መጋባት አለ። ፖሊጎን የሚለው ቃል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ሞዴል ሠሪው በአራት ማዕዘን ገጽ ይሠራል፤ ፕሮግራሙም `Faces` ብሎ የሚቆጥርለት እርሱን ነው። የስልኩ የግራፊክስ ቺፕ ግን የሚያውቀው ሦስት ማዕዘንን ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን ለሁለት ይከፈላል። በጀቱ በሦስት ማዕዘን ተሰጥቶት በአራት ማዕዘን የቆጠረ ሰው ሳያውቀው እጥፍ ያወጣል። በብሌንደር የስታቲስቲክስ ማሳያ ላይ ሊነበብ የሚገባው `Triangles` የሚለው መስመር ነው።

አሁን ወደ ክብ ማማው እንግባ። ለኮምፒውተር ክብ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ብዙ ጎን ያለው ቅርጽ ነው። ታዲያ ማማው ስንት ጎን ይሁን? ብዙዎች 32 ይላሉ፤ ምክንያታቸው ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚሰጠው ቁጥር ያ መሆኑ ብቻ ነው። ጥያቄው ግን በስሌት የሚመለስ ነው። ጎኖቹ ሲያንሱ በእውነተኛው ክብና በቀጥታው ጎን መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ያ ክፍተት በሜትር ስንት እንደሆነ፣ ከዚያም በስክሪን ላይ ስንት ፒክሰል እንደሚሆን ማስላት ይቻላል።

```
e  = r * (1 - cos(180° / N))
px = e * H / (2 * d * tan(FOV / 2))
```

እዚህ `r` የማማው ሬዲየስ፣ `N` የጎኖቹ ቁጥር፣ `d` ከተመልካቹ ያለው ርቀት፣ `H` የስክሪኑ ከፍታ በፒክሰል፣ `FOV` ደግሞ የካሜራው ወደ ላይና ወደ ታች የማየት ስፋት ነው። በሞዴሉ ውስጥ ማማው 2 ሜትር ሬዲየስ አለው፣ ስክሪኑ 1080 ፒክሰል ከፍታ አለው፣ ካሜራው 60 ዲግሪ ያያል ብንል፣ ባለ 16 ጎን ማማ ከእውነተኛው ክብ የሚርቀው 3.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ከ18 ሜትር ርቀት 2 ፒክሰል ይሆናል። ባለ 8 ጎን ማማ 15 ሴንቲ ሜትር ይሳሳታል፤ ይህም ወደ 2 ፒክሰል የሚወርደው 70 ሜትር ያህል ሲርቁ ነው። ሁለት ፒክሰል በስልክ ስክሪን ላይ ዓይን የማይቆጠቆጥበት ስሕተት ነው ብሎ መቀበል ይቻላል።

ተጫዋቹ ከ18 ሜትር ቀርቦ ቢቆምስ? መልሱ በሕንፃው ውስጥ አለ። የማማው ዳር ሰማይ ላይ ጎልቶ የሚታየው ከላይ፣ ጉልላቱ አካባቢ ነው፤ ያ ደግሞ ሰው ከሥሩ ቢቆምም ከዓይኑ ከ10 ሜትር በላይ ይርቃል። የማማው ታችኛ ክፍል ቅርብ ቢሆንም ከጀርባው ያለው ያው ቡናማ ግድግዳ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲታይ የጎኑ ስብራት አይለይም። ከዚያም ላይ ብርሃኑ ለስልሶ እንዲያርፍ ከተደረገ ፊቱ ክብ ሆኖ ይታያል፤ የሚያጋልጠው ዳሩ ብቻ ነው። ስለዚህ 16 ይበቃል። 32 ቢሆን ማማዎቹ የሚፈልጉት እጥፍ ይሆን ነበር፤ በምላሹ የሚገኘው ግን ማንም የማያየው አንድ ሁለት ፒክሰል ነው።

በዚህ መንገድ የግንቡ ሒሳብ ይህን ይመስላል። የአንዱ ማማ አካል 32፣ ጉልላቱ 112፣ ከጉልላቱ ሥር ያለው ቀለበት 64፣ በድምሩ 208 ሦስት ማዕዘን ነው፤ ለአራቱ 832። የጣሪያው ጥርስ አንዱ ከሥሩ ክፍት የሆነ ሣጥን ነው፤ አምስት ገጽ፣ 10 ሦስት ማዕዘን። ጠቅላላ 80 ጥርስ ቢሠራ 800 ይሆናል። ቅስት ያለው መስኮት ወይም በር፣ ቅስቱ በ8 ስባሪ ቢከፈል፣ የግድግዳው ውፍረት፣ የኋላው ገጽና በዙሪያው ያለው ግድግዳ ተጨምሮ 46 ይፈልጋል፤ 30 ቢሆኑ 1,380። የውጭው ደረጃ 160፣ ሦስት የእንጨት ሰገነቶች 540፣ የቀረው ግድግዳ፣ ጣሪያና ከፍ ያለው ማማ 300። ድምሩ 4,012 ነው። ከ5,000 ላይ አንድ ሺህ ያህል ይተርፋል፤ እርሱም ለበሩ ደፍ፣ ከመሠረቱ ለወጡ ድንጋዮች፣ ለፈራረሰ ማዕዘን ይውላል። የጥርሱና የመስኮቱ ቁጥር እዚህ ለሞዴሉ የተወሰደ ነው፤ ከእውነተኛው ግንብ ፎቶ ተቆጥሮ ይስተካከላል።

ሒሳቡን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ትልቁ ወጪ መስኮቶቹ ናቸው። ግድግዳው፣ ከሩቅ ሕንፃው ሁሉ የሚመስለው፣ ከሞላ ጎደል ነጻ ነው። የግድግዳው ባዛልት ሸካራነት በሦስት ማዕዘን አይሠራም። የሚሠራው በቴክስቸርና በኖርማል ማፕ ነው፤ ኖርማል ማፕ ለእያንዳንዱ ነጥብ ገጹ ወደየት አቅጣጫ እንደሚያይ የሚነግር ሥዕል ሲሆን ጠፍጣፋውን ገጽ ጎድጓዳና እብጥ ያለ ያስመስለዋል። ስካን ከሁሉ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ በሚሊዮን ሦስት ማዕዘን የተወሰደው የድንጋዩ ሸካራነት ወደ ኖርማል ማፕ ተገልብጦ በጥቂት ሦስት ማዕዘን ላይ ይለበጣል። ቀዩ የቅስት ድንጋይም እንዲሁ በአንድ ቴክስቸር ላይ እንደ መቀነት ተዘርግቶ ለሁሉም ቅስቶች ያገለግላል። ኖርማል ማፕ የማይችለው አንድ ነገር የዳር መስመርን መለወጥ ነው። ጥርሶቹን በኖርማል ማፕ የሠራ ሰው ግንቡን ከጎን ሲያየው ጣሪያው የተላጨ ሆኖ ያገኘዋል።

ሦስት ማዕዘን ብቻ ቆጥሮ መርካትም አይበቃም። ቺፑ በመጀመሪያ የሚያሰላው ነጥቦቹን ነው፤ ነጥብ ደግሞ በሞዴል ማሳያው ላይ ከሚታየው በላይ ይበዛል። ስለታም ጠርዝ ባለበት ሁሉ አንዱ ነጥብ ለየገጹ ይባዛል። ስምንት ማዕዘን ያለው ሣጥን ለቺፑ 24 ነጥብ ነው። ከሥሩ ክፍት የሆነው አንዱ ጥርስ 20 ነጥብ ይሆናል፤ 80 ጥርስ 1,600 ነጥብ ማለት ነው። ለዚህ መፍትሔው ጥርሶቹን መቀነስ አይደለም፤ ስለታም መሆን የማያስፈልጋቸውን ጠርዞች፣ ለምሳሌ የማማዎቹን፣ ማለስለስ ነው። ከዚህም የሚበልጠው ሌላ ወጪ የማቴሪያል ቁጥር ነው። ድንጋይ፣ ቀይ ድንጋይ፣ እንጨት፣ ኖራ እያሉ ለየብቻ ማቴሪያል የሰጡት ሕንፃ ስልኩን ለየአንዳንዱ እንደ አዲስ ያዝዘዋል። ሁሉም በአንድ የቴክስቸር ገበታ ላይ ቢቀመጥ ትእዛዙ አንድ ይሆናል። አንድ ሺህ ሦስት ማዕዘን ለመቆጠብ ሌሊት ሙሉ የደከመ፣ ሰባት ማቴሪያል ግን እንዳለ የተወ ሥራ ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህ ለሻማ ቆጥቦ ቤቱን በመብራት እንደ ማጥለቅለቅ ነው።

ተጫዋቹ ሲርቅ ያው ሕንፃ ለምን ይቀነሳል? ብዙዎች መልሱ የሦስት ማዕዘን ቁጥር መቀነስ ነው ይላሉ፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የግራፊክስ ቺፕ ፒክሰሎችን አንድ በአንድ አይቀባም፤ ሁለት በሁለት በሆነ ቡድን፣ አራት አራት እያደረገ ነው። አንድ ሦስት ማዕዘን አንድ ፒክሰል ብቻ ቢሸፍንም የአራት ፒክሰል ሥራ ይሠራለታል፤ ሦስቱ ይጣላሉ። ግንቡ 200 ሜትር ሲርቅ፣ በቅርብ የተሠራው ቅስት እያንዳንዱ ስባሪ በስክሪኑ ላይ አንድ ፒክሰል ያህል ብቻ ይሆናል። ያ ቅስት አሁን አይታይም፤ ዋጋው ግን ከአጠገቡ ላለ ነገር ከሚከፈለው ይበልጣል። በዚያ ላይ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ካሜራው ሲንቀሳቀስ ይብለጨለጫሉ፤ ከሩቅ የሚርገበገብ መስኮት ያየ ተጫዋች ምክንያቱን ባያውቅም ያማርራል።

ስለዚህ ግንቡ በሦስት ወይም በአራት ቅጂ ይሠራል፤ የመጀመሪያው `Fasil_LOD0`፣ ቀጥሎ `Fasil_LOD1` እየተባለ ይሰየማል። ዩኒቲ ፋይሉን ሲያስገባ በዚህ መንገድ የተሰየሙ ቅጂዎችን በራሱ ያሰባስባቸዋል። አብዛኛው ሰው ቅጂዎቹን የሚያዘጋጀው በራስ ሰር መቀነሻ ነው፤ መቶኛውን 50 ላይ አድርጎ ቁልፉን ይጫናል። ለድንጋይ፣ ለዛፍ፣ ለእንስሳ ይህ መጥፎ አይደለም። ለግንብ ግን ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም በጥርሶቹ ላይ ይታያል። መቀነሻው ጥርስ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያየው ትንንሽ ሣጥኖችን ነው፤ አነስተኛ ስለሆኑም ቀድሞ የሚያጠፋቸው እነርሱን ነው። አንዱን ጥርስ ወደ ሹል ይለውጠዋል፣ ቀጣዩን ከጎረቤቱ ጋር ያጣብቀዋል፣ ሦስተኛውን እንዳለ ይተወዋል። ከዚያ ጠፍጣፋው ግድግዳ ላይ ማንም ያላያቸው ሦስት ማዕዘኖች ተርፈው ይቀራሉ። ውጤቱ የተመታ አፍ የመሰለ ጣሪያ ነው። ሕንፃ ሰው ያሰበው ነገር ነው፤ ቅነሳውም ሰው ሊያስብበት ይገባል።

በእጅ የሚሠራው ሁለተኛው ቅጂ ተቃራኒውን መንገድ ይሄዳል። ከ70 ሜትር ጀምሮ የሚታየው ይህ ቅጂ ጥርሶቹን ሁሉ፣ 800ውንም ሦስት ማዕዘን፣ ሳይነካ ያስቀራል፤ የሚቆርጠው ከመስኮቶቹ ነው። የላይኞቹ 20 መስኮቶች ጠፍጣፋ ሆነው በቴክስቸር ላይ በጥቁር ይሳላሉ። የታችኞቹ አሥሩ ቀዳዳቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ቅስታቸው ግን ከ8 ወደ 5 ስባሪ ይወርዳል፤ 340 ይፈጃሉ። ማማዎቹ 8 ጎን ሆነው ለአራቱም 288፣ ደረጃው ተዳፋት ሆኖ 8፣ ሰገነቶቹ ተቃልለው 120፣ የቀረው 250። ድምሩ 1,806 ነው፤ ከግማሽ በታች ሆኗል፣ የዳር መስመሩ ግን ያው ነው። እዚህ ላይ አንድ የእጅ ባለሙያ ዘዴ አለ። ባለ 8 ጎን ማማ በውስጥ የተሳለ ስለሆነ ከባለ 16ቱ ይቀጥናል፤ ቅጂው ሲቀያየር ማማው የከሳ ይመስላል። ሬዲየሱን ከ2 ሜትር ወደ 2.08 ማስፋት ስሕተቱን ለውጭና ለውስጥ እኩል ይከፍለዋል፤ ከ70 ሜትር በየአቅጣጫው አንድ ፒክሰል ያህል ብቻ ይቀራል።

ሦስተኛውን ቅጂ በተመለከተ ርቀቱን የሚወስነው ማማው አይደለም። ባለ 6 ጎን ማማ ከ125 ሜትር ጀምሮ በሁለት ፒክሰል ወሰን ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን ዋናው ቁጠባ ያለው ጥርሶቹን ከሣጥን ወደ ስስ ሳንቃ በመለወጥ ላይ ነው፤ ከ10 ወደ 4 ሦስት ማዕዘን። የጥርሱ ውፍረት 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከጎን ሲታይ ከሁለት ፒክሰል በታች የሚሆነው ወደ 200 ሜትር ሲርቅ ነው። ስለዚህ ቅጂው በ200 ሜትር ይጀምራል፤ መስኮቶቹ ሁሉ በሥዕል ብቻ ቀርተው ድምሩ 530 ይሆናል። ጥርሶችን አንድ እያለፉ በማጥፋት መቆጠብ ግን አይገባም፤ የጥርሶቹ ምት በእጥፍ ስለሚሰፋ ተጫዋቹ ወዲያው ያየዋል።

አራተኛውስ? በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ ሜትር ቢሆን ከአንድ ፒክሰል በታች የሚወርደው ከ470 ሜትር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ጥርስ የለም፤ ጠርዙ ከጥርሶቹ ግማሽ ከፍታ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ሕንፃው ሁሉ በ70 ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ነገር ግን የፋሲል ግቢ ቅጥር ዙሪያው 900 ሜትር ነው። 900 ሜትር ዙሪያ ባለው ግቢ ውስጥ፣ ቅርጹ ምንም ይሁን ምን፣ ሁለት ሰዎች ከ450 ሜትር በላይ ሊራራቁ አይችሉም። ጌሙ በግቢው ውስጥ ብቻ የሚካሄድ ከሆነ አራተኛው ቅጂ ፈጽሞ አይታይም፤ መሥራቱ ከንቱ ድካም ነው። ተጫዋቹ ከኮረብታ ላይ ከተማዋን የሚያይ ከሆነ ግን ያስፈልጋል። ቅጂ የሚሠራው በልማድ አይደለም፤ ካሜራው በሚደርስበት ቦታ ልክ ነው።

እስካሁን ርቀት በሜትር ተነገረ እንጂ ጌም ሞተሮቹ የሚጠይቁት ሕንፃው ከስክሪኑ ከፍታ ምን ያህሉን እንደሚይዝ ነው። ምክንያቱም ተጫዋቹ መነጽር አንሥቶ ቢያጎላ ርቀቱ ሳይለወጥ ሕንፃው ይተልቃል። 30 ሜትር ከፍታ ያለው ሞዴል በ70 ሜትር ከስክሪኑ 37 በመቶ፣ በ200 ሜትር 13 በመቶ ይይዛል፤ በዩኒቲ የሚጻፉት እነዚህ ቁጥሮች ናቸው። ፕሮግራሙ በራሱ ያስቀመጠውን ቁጥር እንዳለ መተው ሥራውን ሁሉ ያበላሻል፤ በሚገባ የተሠራ ቅጂ ባልተገባ ቦታ ከተቀየረ ሕንፃው ዘሎ ተለወጠ ይባላል።

ዝላዩን ማወቅ ቀላል ነው። ተጫዋቹን ቅጂው በሚቀየርበት መስመር ላይ አቁሞ ሦስት እርምጃ ወደ ፊት፣ ሦስት ወደ ኋላ ማስሄድ፤ ዓይንን ግን በግድግዳው ላይ ሳይሆን ሰማይና ጣሪያ በሚገናኙበት መስመር ላይ ማድረግ። የዘለለው ቅርጹ ከሆነ ጥፋቱ የዳር መስመሩ ነው፤ የዘለለው ጥላና ብርሃኑ ከሆነ የሁለቱ ቅጂዎች የጠርዝ ማለስለሻ አልተስማማም። ሁለቱን ሳይለዩ ወዲያው በማደብዘዝ ለመሸፈን መሞከር ይታያል፤ ማደብዘዙ በሚቆይበት ቅጽበት ሁለቱም ቅጂዎች በአንድነት ስለሚሳሉ ወጪው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ፍተሻው በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ቢያልፍም ዋጋ የለውም። ጌሙ በሚሮጥበት ስልክ፣ ስልኩ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ መታየት አለበት፤ የሞቀ ስልክ ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳልና።

ይህን ሁሉ የሚቃወሙ አሉ፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። በ2022 በፈረንጆች አቆጣጠር ከአንሪል ኢንጂን 5 ጋር የወጣው ናናይት፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሦስት ማዕዘን ያለውን ሞዴል ተቀብሎ በየቅጽበቱ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይስላል። ታዲያ ቅጂ በእጅ መሥራት ያለፈ ዘመን ሥራ አይደለምን? ለአዲስ ኮንሶልና ለጠንካራ ኮምፒውተር መልሱ በከፊል አዎ ነው። ነገር ግን የአማርኛ ጌም ተጫዋች በአብዛኛው በእጁ ያለው ስልክ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ኩኩሉ የተባለው ጌምም የተዘጋጀው ለስልክ ነበር። ጌሙ በኢንተርኔት ወርዶ በስልክ ማኅደር መቀመጥም አለበት፤ በሚሊዮን ሦስት ማዕዘን የተሞላ ሞዴል ደግሞ ቺፑ ባይደክምበት እንኳ የሚያወርደው ሰው ዳታ ይከፍልበታል። በእጅ የተሠሩት ሁለት ተጨማሪ ቅጂዎች በአንጻሩ ከ4,012ቱ ላይ የሚጨምሩት 2,336 ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው።

ሥራውን ለሚጀምር ሰው ቅደም ተከተሉ ከዚህ ይከተላል። በመጀመሪያ ግንቡ በሜትር ልኩ፣ ያለ አንዳች ጌጥ፣ በሣጥንና በክብ ብቻ ይቆማል፤ ይህ ባዶ ቅርጽ በቀጥታ ወደ ስልኩ ገብቶ ከቅጥሩ በር ይታያል። ጎንደሬ ሰው አይቶት የማን ግንብ እንደሆነ ካላወቀው ጉልላቱ ወይም ማማው ልኩን ስቷል፤ መስኮት መጨመር አያድነውም። ካወቀው ደግሞ ያ ቅርጽ አይጣልም። ጥርሶቹ እንደ ሳንቃ ከተተከሉበት፣ ከሞላ ጎደል ሦስተኛው ቅጂ እርሱው ነው፤ ሁለተኛውና የመጀመሪያው በእርሱ ላይ እየተጨመረ ይሠራሉ። ከሁሉም በላይ የተወሳሰበውን ቀድሞ ሠርቶ ወደ ታች መቀነስ አብዛኛው ትምህርት የሚያሳየው መንገድ ነው፤ ከባዶው ቅርጽ ተነሥቶ መጨመር ግን ለሕንፃ ይቀልላል፣ ለምን እንደተጨመረ ያልታወቀ ሦስት ማዕዘንም አያስገባም።